በምስማር ላይ የተሰቀለው ማኅተም

የሥጋ ማኅተም ቀለም ሐምራዊ ነው። አይመርዝም፤ ሽታ የለውም፤ ከእጅ ለመልቀቅ ግን ቀናት ይወስዳል። የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ሁሉ የቀኝ አውራ ጣቴ በዚያ ቀለም እንደ ተነከረ ኖሯል። ባለቤቴ እንጀራ ስቆርስ ጣቴን እያየች ፊቷን ታዞር ነበር፤ እኔ ግን እኮራበት ነበር። ዛሬ ያን ኩራቴን ሳስታውስ ምራቄ ይመርረኛል።

ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። ነገሩን ያጋለጠው ሐኪም እየተባልኩ በሮቤም በጎባም ስሜ በበጎ ሲነሣ ሰምቻለሁ። ምስጋናው የሚሰጠኝ ሰዎቹ የነገሩን ግማሽ ብቻ ስለሚያውቁ ነው። ሌላው ግማሽ እኔ ጋ ቀርቷልና ልጻፈው።

ቄራዋ ከሮቤ ወደ ጎባ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ የቆመች፣ የሥጋ ነጋዴዎች በማኅበር ያሠሯት ትንሽ ቤት ነበረች። ዛሬ የለችም፤ ቆርቆሮዋም ተነቅሎ ተሸጧል። በመካከሏ ግድግዳ ነበረ። በአንዱ ወገን ለክርስቲያን፣ በሌላው ለሙስሊም ይታረዳል፤ አራጁም፣ ቢላዋውም፣ መስቀያውም ለየብቻ ነው። ከግድግዳው በወዲህም በወዲያም የሚመላለሰው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም ሐኪሙ፣ ማለት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ከእርድ በፊት ይጀምራል። ከብቱን አስነሥቼ ሲራመድ አያለሁ። የቆመ ከብት ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል፤ የሚራመድ ግን አይችልም። ከታረደ በኋላ የመንጋጋውን ጡንቻ ሰንጥቄ የኮሶ እጭ እፈልጋለሁ፤ ሳንባውን በጣቶቼ እየዳሰስኩ የነቀርሳ እብጠት እንደሌለበት አረጋግጣለሁ፤ ጉበቱን ከፍቼ ትል አያለሁ፤ ልቡንና ዕጢዎቹን እተለትላለሁ። የታመመውን ነጭ ጋዝ አርከፍክፌ በፊቴ አስቀብራለሁ። ደህናውን በአራት ቦታ አትምበታለሁ። ከዚያ ወዲያ ገዢው የሚያየው ሥጋውን ሳይሆን ማኅተሙን ነው። እኔ ያየሁትን እንዳየ ይቆጥረዋል። ሥራው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያኑ ወገን ዝግ ነው፤ ጾም ነው። በሙስሊሙ ወገን ግን ሦስት ወይም አራት ከብት ይታረዳል። በእነዚያ ቀናት ጎባ ባለ የእንስሳት ክሊኒክም ተደርቤ እሠራ ነበር። ሁለቱን ሥራ አጣጥሞ መሥራት ይቻል ነበር፤ ጠዋት በሚኒባስ ወጥቶ ሰዓት ሳይሞላ መድረስ ይቻላል። አንድ ቀን የቄራዋ ሥራ አስኪያጅ፣ ጥርሱን በስንጥር ሳይጎረጉር የማይናገር፣ ሁልጊዜ ፈገግተኛ ሰው፣ እንዲህ አለኝ፦

«ዶክተር፣ ለሦስት በሬ ብለው ከጎባ አይመላለሱ። ማኅተሙን ቢሮ ምስማር ላይ ይስቀሉልኝ። ሐጂ እያለ ምን ይመጣል?»

ሐጂ የሚለው በሙስሊሙ ወገን የነበረውን አራጅ ነው። መካ አልሄደም። «ሐጅ ያደረገው ጢሜ ነው፤ እኔ ከሮቤ አልወጣሁም» ይል ነበር። ሳይታጠብ ቢላዋ የማይነካ፣ ከብቱ ሌላው ከብት ሲታረድ እንዳያይ ፊቱን የሚያዞር፣ ሲበዛ ጥንቁቅ ሽማግሌ ነው። እኔም እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ እምነቱ በክትን ሐራም የሚያደርግበት ሰው በቆመበት በር በክት አይገባም። አሰብኩና ማኅተሙን ሰቀልኩ። የዕለቱን የምርመራ ቅጽም ማክሰኞና ሐሙስ ማታ አስቀድሜ እየፈረምኩ መተው ጀመርኩ። እኔ፣ የበታቾቼን በአንዲት ሥርዝ ድልዝ ስቆጣ የኖርኩት ሰው፣ ያላየሁትን ከብት አየሁ ብዬ ፈረምኩ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ረቡዕ መነጽሬን ቄራ ረስቼ ኖሮ ልወስድ ተመለስኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የባሌ ጉም ገና አልተነሣም፤ ገብሱ ማሳ ዳር አንዲት አይሱዙ መኪና የጭነቷን ወለል በውኃ ታሳጥባለች። ገባሁና በሙስሊሙ ወገን የተሰቀለ አንድ ሙሉ የከብት ገላ አየሁ። ማኅተሜ ታትሞበታል፤ ቀለሙም ገና አልደረቀም።

በሕይወት ሳለ የታረደ ከብት የቁስሉ ከንፈሮች ይሸሻሉ፤ ደምም ይመጥጣሉ። ከሞተ በኋላ የተቆረጠ አንገት ግን እንደ ተቀደደ ጨርቅ ገጥሞ ይተኛል። ያየሁት አንገት እንዲያ ነበር። በጎድኖቹ መካከል ያሉት ደም ሥሮች ባዶ መሆን ሲገባቸው ጥቁር ክር መስለው ተገትረዋል። አንደኛው ጎን ከሌላው ጎን ይጠቁራል፤ ሞቶ የተኛበት ጎን ነው፤ ደሙ ወደዚያ ወርዶ ቀርቷል። ሆዱ አካባቢ አረንጓዴነት ጀምሮታል። ለማየት ሐኪም መሆን እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ አፍንጫ ይበቃ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሟል።

«መነጽርዎ ጠረጴዛው ላይ ነው» አለኝ።

«ይህ በክት ነው።»

«መንገድ ላይ ደክሞ ነው ዶክተር። ዲንሾን አለፍ እንዳለ ሊወድቅ ሲል ቶሎ አረዱት።»

«ከሞተ በኋላ ነው አንገቱን የቆረጡት።»

ስንጥሩን ከአንዱ ጥርሱ ወደ ሌላው አዛወረ። «መነጽርዎን ሳያደርጉ ነው ያዩት» አለ፤ ሳቀም።

በዚያ ደጋ የታወቀ ልማድ አለ። ከብት መንገድ ላይ ሲወድቅ ነፍሱ ሳይወጣ ለማረድ ሰው ቢላዋ ይዞ ይሮጣል፤ በክት ሆኖ እንዳይቀር። ስለዚህ አንገቱ ታርዶ የሚመጣ ከብት አዲስ ነገር አይደለም። ክፋቱ የተሸሸገው በዚህ በጎ ልማድ ውስጥ ነበር። ተጨናንቀው ሲጓዙ የሞቱትን፣ በበሽታ የወደቁትንም አንገታቸውን በጥሰው «ደክሞ ነው» ይሉ ጀመር።

ሐጂ በጓሮ በኩል ከጀሪካን ውኃ እያፈሰሰ ቢላዋውን ያጥባል። ጎኑ ቁጭ አልኩ።

«ሐጂ፣ ያ የተሰቀለው ሥጋ ምንድን ነው?»

«የሙስሊም እጅ አርዶታል አሉኝ። እኔ አላረድኩትም።»

«አላየኸውም?»

«አየሁት።» ቢላዋውን አገላበጠው። «ልቤ ጠረጠረ። ከዚያ ማኅተሙን አየሁ። ዶክተሩ የተማረ ሰው ነው፤ ባያየው አያትመውም አልኩ። ወላሂ፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።»

«እኔ ረቡዕ አልመጣም ሐጂ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አይመጡም?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንተ ስላለህ።»

የቀረውን ውኃ በቢላዋው ላይ አፈሰሰ። ከዚያም በኦሮምኛ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቢላዋው የሚናገር መስሎ፣ እኔ እርስዎን ተደግፌ፣ እርስዎ እኔን ተደግፈው፣ በመካከል ማንም አልቆመም አለ።

የዚያን ዕለት ማኅተሙን ከምስማሩ አውርጄ በኪሴ ጨመርኩ። ሥጋውን ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት፤ ሥራ አስኪያጁ እያየ ተቀበረ። ደብዳቤም ጻፍኩ፤ አንዱን ለእርሱ፣ አንዱን ቄራዋን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ። ኃላፊው በወጣትነቱ እኔ ዘንድ ለልምምድ የመጣ፣ ዕጢ መሰንጠቅን ያስተማርኩት ሰው ነው። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበና በጥንቃቄ አጠፈው።

«ጋሼ፣ ጡረታ ስንት ቀረዎት?»

«አራት ወር።»

«አራት ወር» አለ፤ ቃሉን እንደ ከረሜላ በአፉ እያዞረ። «ይህን ሳጣራ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ፈረመ የሚል ነው። ፊርማው የማን ነው ጋሼ?»

የቀኝ አውራ ጣቴን በመዳፌ ውስጥ ሸሸግሁ።

«ሁለተኛው ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ክርስቲያኑ ሐኪም ሙስሊሙን በክት አበላ ተብሎ ከተማው ቢነሣ ተጠያቂው ማን ነው? እርስዎ እኮ የሌላ አገር ሰው ነዎት። እኔ የምሰጋው ለእርስዎ ነው።»

ተነሥቶ እስከ በር ሸኘኝ። ካፖርቴንም አለበሰኝ። ማስፈራራት አክብሮት ሲለብስ ምን ያህል እንደሚሞቅ የዚያን ቀን ተማርኩ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ነው ሰው የማያውቀው። ምንም አላደረግሁም። ረቡዕና ዓርብም እንደ ወትሮው ቄራ አልሄድኩም፤ ክሊኒኩን ሰበብ አድርጌ። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቅጽ አስቀድሜ አልፈርምም፤ እጄ ንጹሕ ነው አልኩ። ስድስት ሳምንት እንዲህ ኖርኩ። ሐጂ ሁለት ጊዜ በመንገድ ላይ አገኘኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰላምታው ከወትሮው አጠረ። «አካም ዶክተር» ይላል፤ ያልፋል። ሁለተኛው ቀን ግን ዞር ብሎ «ማኅተሙ ኪስዎ ነው ያለው?» አለኝ። «አዎን» አልኩት። «እንግዲያ ያ ሥጋ ላይ ያለው የማን ነው?» ብሎ ሄደ።

ሮቤ ገበያ ሄጄ አየሁ። እውነት ነው፤ ሌላ ማኅተም አሠርተዋል። ከጎማ የተቀረጸ፣ ክቡ በአንድ ወገን የጎበጠ ነበር። እኔ ራሴን ከማጽዳት በቀር ያቆምኩት ነገር አልነበረም። ይህን እያወቅሁም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በእነዚያ ሳምንታት አንድ ቀን ስንኳ እንቅልፍ አጣሁ ብዬ አልዋሽም፤ ተኝቻለሁ።

የቄራዋ ቆዳ ገፋፊ የመጣው በረቡዕ ቀን ነው። ጠንካራ፣ ቀልደኛ ጎልማሳ ነበር፤ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ዶክተር፣ እርስዎ የከብት ሐኪም ነዎት፤ እኔም ከከብት አልሻልም፤ ይዩልኝ።»

ክንዱ ላይ የአሥር ሳንቲም ፍራንክ ስፋት ያለው ቁስል አለ። መካከሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዙሪያው በጥቃቅን ውኃ ቋጠሮ የተከበበ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ያበጠ።

«ያምሃል?»

«አያመኝም። ለዚህ ነው የዘገየሁት። እሾህ ነው ብዬ።»

አለማመሙ ነው ያስደነገጠኝ። አባ ሰንጋ በቆዳ ሲገባ ቁስሉ አያምም።

«የትኛውን ከብት ገፈፍክ?»

«ያለፈውን ዓርብ የመጣውን። ደሙ ጥቁር ነበር፤ በአፍንጫውም በኋላውም ይወጣል፤ አልረጋም አለ። መሬቱን ለማጠብ ተቸግረን ነበር።»

«ሥጋውስ?»

«ሥጋው ወጣ። የት ይቀራል?» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

አባ ሰንጋ የገደለው ከብት አይከፈትም። ሲከፈት ተዋሲው አየር ያገኝና አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ዘር ይሆናል። ሬሳው ተቃጥሎ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ በኖራ ተሸፍኖ ይቀበራል፤ ይህን የእንስሳት ጤና ረዳት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ያንን ከብት ከፍተው፣ ገፈው፣ ሥጋውን ሸጠው፣ ወለሉን ያጠቡበትን ውኃ ወደ ማሳ ለቀዋል። ሰውየውን በባጃጅ ጭኜ ሐኪም ዘንድ አደረስኩት፤ ምን እንደሆነም ጽፌ ሰጠኋቸው። መድኃኒቱን በጊዜ ስላገኘ ዳነ። ሥጋውን በልተው በየቤቱ ሆዳቸውን የታመሙ ስንት እንደነበሩ ግን አላውቅም፤ የጠየቀም የመዘገበም አልነበረም።

ከዚያ ስመለስ በጎባ ዳገት ላይ ቆሜ ማኅተሙን ከኪሴ አወጣሁ። ያቆመኝ የታመመው ክንድ አይደለም፤ ከዚያ የከፋ በሥራዬ አይቻለሁ። ያ ዓርብ ማኅተሙ በኪሴ የነበረበት ዓርብ ነው። ንጹሕ ነኝ ያልኩበት ዓርብ።

ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል፤ ሰው ራሱን ጎድቶ እንዲናገር የሚገደደው መቼ ነው ብለው። ጥርጣሬ ብቻ ያለው ሰው ይመርምር እንጂ አይጩህ፤ ያልተጣራ ክስ የሰው ስም ያጠፋል። ያወቀ ሰው ደግሞ በቅድሚያ ለአለቃው ይንገር፤ ምናልባት አለቃው አያውቅ ይሆናል። አለቃው ሰምቶ ጆሮውን ከደፈነ፣ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ፣ ተጎጂው ራሱን ሊጠብቅበት የማይችለው ስውር ነገር ከሆነ፣ ማስረጃውም በእጅህ ካለ፣ ከዚያ ወዲያ መናገር ጀግንነት መባሉ ይቀርና ዕዳ ይሆናል። እኔ እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ሳሉ ስድስት ሳምንት ተኝቻለሁ። በዚያ ላይ የኔ ዕዳ ከሌላው ሰው ይበልጥ ነበር፤ የመጀመሪያውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝና። ቄራ ውስጥ የሐኪም ዝምታ ራሱ ማኅተም ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ሦስት ወር አልሞላም የቀረኝ» አልኳት።

«ለምን ትነግረኛለህ?» አለች፤ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል። «ፈቃድ ፈልገህ ነው ወይስ ክልከላ?»

ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

የዚያ ከብት ቆዳ ገና አልተሸጠም ነበር፤ በጨው ተደርድሮ መጋዘን ውስጥ ነበር። ገፋፊው ለይቶ አሳየኝ። ጓንትና ጭንብል አድርጌ ከጆሮው በኩል ቆርጬ በሁለት ተደራራቢ ዕቃ አሸግሁና በሌላ ከተማ ወዳለ ቤተ ሙከራ ላክሁ፤ ውጤቱም አባ ሰንጋ መሆኑን አረጋገጠ። በጎማ ማኅተም የታተመ ሥጋ ገበያ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ አነሣሁ፤ ከጎኑ የእኔን ማኅተም በወረቀት ላይ አትሜ አያያዝሁ። ከዚያ ከሁሉ የከበደኝን ጻፍኩ። ሳላይ የፈረምኩባቸውን ዕለታት አንድ በአንድ፣ ከራሴ ቅጂ እየገለበጥኩ ዘረዘርኳቸው። ማስረጃው ከራሴ ጀምሮ ካልሆነ የተቀረውን የሚያምንልኝ አይኖርም ነበር። ሲያልቅ ከአምስት ገጽ በላይ ሆነ።

ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ከመላኬ በፊት በፈረስ ጋሪ ሐጂ ቤት ሄድኩ። የእርሱም ስም የሚነሣበት ነገር ስለሆነ ሳይሰማ ልልከው አልወደድኩም። አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ።

«ደብዳቤ ለቢሮ ነው» አለ በመጨረሻ። «የበላው ሰው ቢሮ ውስጥ አይደለም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ዓርብ ከሰላት በኋላ እናገራለሁ። እርስዎ በሩ ላይ ይቆማሉ።»

«ያ ኃላፊ ሃይማኖት ይነሣል ይላል።»

«ሃይማኖት አሁን ነው የተኛው» አለኝ።

ደብዳቤውን ለበላይ መሥሪያ ቤቱ በእጄ አስገብቼ ቅጂዬ ላይ ገቢ መሆኑን አስፈረምኩ። የሚጠቁምን ሰው ማንነት የሚጠብቅ፣ ብድር እንዳይመለስበት የሚከለክል ሕግ በአገራችን አለ፤ አንብቤዋለሁ፤ በደብዳቤዬም ጠቅሼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስገባ ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦበታል፤ በፊርማዬ ላይ ክብ የሻይ ምልክት ወጥቷል።

«ጽሕፈትዎ ያምራል ዶክተር» አለ። «ገጹ ግን በዝቷል።»

ዓርብ ቀትር ላይ በመስጊዱ አጥር ውጪ ቆምኩ። ሐጂ ከሰላት በኋላ ሰውን አስቆመና በኦሮምኛ ተናገረ። አላሳጠረም፤ አላሳመረም። በጠረጠርኩት ሥጋ ላይ ማኅተም አየሁና ልቤን ዝም አሰኘሁት አለ። ለእናንተ ቢላዋ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ፤ ቢላዋውንም ከዛሬ ጀምሮ አስቀምጫለሁ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰዉ ዞረ።

ከመካከል አንድ ሱቅ ያለው ሰው ጠየቀኝ፦ «ዶክተሩስ የት ነበሩ?»

«ጎባ ነበርኩ። ማኅተሙን ምስማር ላይ ሰቅዬ ነው የሄድኩት» አልኩ።

ያኔ ክፉውን ሁሉ ጠብቄ ነበር። አንዱ ምራቁን ተፋ፤ በእኔ ላይ ግን አይደለም፤ በገዛ እግሩ አጠገብ። ሌላው «ወላሂ ልጆቼ በልተውታል» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ድንጋይ ያነሣ አልነበረም። አንድ ዱላ የያዙ አዛውንት ቀረብ ብለው በተሰባበረ አማርኛ «ቢሮው ይህን ያህል የፈራን ለምንድን ነው? እኛ መች በላን ሰው?» አሉኝ። እነዚያን ሰዎች ኃላፊው ሰደበ፤ ስድቡንም እኔ አምኜለት ነበር።

ቄራዋ በዚያው ሳምንት ታሸገች፤ ከዚያም ተዘጋች። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ሥራ አገኘ፤ የተሻለ ነው ይላሉ። ኃላፊው ለሥልጠና ተላከ። በእኔ ላይ ሁለት ክስ ቀረበ። አንደኛው ሳያዩ መፈረም የሚል ነበር፤ ትክክል ነው፤ ጥፋቴን አምኜ ተቀጣሁ። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ምስጢር ማባከን የሚል ነበር፤ ይህን ተከራከርኩ። እስኪወሰን ድረስ ለቀረኝ ጊዜ ቆላ ወዳለ የክትባት ጣቢያ ተዛወርኩ፤ በዚያም ወባ ያዘኝ። ያቀረብኩት አቤቱታ ምላሽ ያገኘው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። «ጉዳዩ በጡረታ ምክንያት ተዘግቷል» ይላል። ከሥራ ስሰናበት ለሌላው የሚሰጠው ምስጋና አልተሰጠኝም፤ አልፈለግሁትምም።

የክርስቲያኑ ወገን ነጋዴዎችም ተቀየሙኝ፤ እነርሱ ያላጠፉት ነገር ገበያቸውን ገድሎታል። አንዱ ዘንድ ሥጋ ልገዛ ብሄድ ከኋላው ሙሉ ታፋ ተሰቅሎ ሳለ «ዶክተር፣ ሥጋ አልቋል» አለኝ። «አዎን አየሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሥጋ አልገዛሁም። እውነቱን ለመናገር መብላትም አልቻልኩም፤ ሐምራዊ ቀለም ባየሁ ቁጥር ያ የተኛ አንገት ይታየኛል።

ሐጂ ለሌላ ሰው ቢላዋውን አላነሣም። ድሮ ለአረፋ በዓል ጎረቤቱ ሁሉ በጉን ወደ እርሱ ይነዳ ነበር፤ አሁን ግን ይቅር ብለነዋል የሚሉትም ሌላ አራጅ ይጠራሉ። እርሱም አልተቀየመም፤ «ትክክል ናቸው» ይላል።

ያለፈው አረፋ ጠዋት ላይ ሰው ላከብኝ። ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የራሱን አንድ በግ አስሯል። እርሱ ያረደውን እኔ እንደማልበላ፣ እኔ ያሳረድኩትንም እርሱ እንደማይበላ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ለግብዣ አልጠራኝም።

«ሲራመድ ይዩት» አለኝ።

ገመዱን ፈትቶ አስኬደው። አየሁት፤ ዓይኑን፣ ድዱን፣ አረማመዱን። ደህና ነው አልኩ። ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አዙሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ አረደው። ሲገፈፍ እጄን ታጠብኩና ሳንባውን ዳሰስኩ፤ ጉበቱን ከፈትኩ። የሐሞት ቦዮቹ ወፍረዋል፤ ስጨምቃቸው ጠፍጣፋ ትሎች ወጡ፤ ቅጠል የመሰሉ፣ ገና የሚንቀሳቀሱ። ሚስቱ ሰሐን ይዛ ከበሩ ቆማ ነበር፤ በበዓል ጠዋት መጀመሪያ የሚቀመሰው ጉበት ነው።

«ሌላው ይበላል» አልኩት። «ጉበቱ ግን አይበላም ሐጂ።»

«ታጥቦ፣ ክፉው ተቆርጦስ?» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ።

ሐጂ ወደ እርሷ አልዞረም። ጉበቱን ከእጄ ተቀብሎ በቢላዋው አራት ቦታ ተለተለው፤ ወደ አጥሩ ሥር ሄዶም ጉድጓድ ይቆፍር ጀመር። ጉድጓዱ አልጠለቀም ብዬ አካፋውን ተቀበልኩት። ውሻ እንዳያወጣው አድርገን ቀበርነው፤ እርሱ በእግሩ ረገጠበት። ከዚያ በአንድ ጀሪካን ውኃ ተራ በተራ እጃችንን ታጠብን።